«á‰³á‹°áˆ°» ማለት «ታደሰ» ነው
ኮምፒውተር ላይ የተበላሸ የመሰለ የአማርኛ ጽሑፍ እንዴት ይመለሳል?

ከባሕር ማዶ ወይም ከሌላ ከተማ የተላከ የአማርኛ ፋይል ተከፍቶ፣ በፊደላችን ፋንታ «á» የሚል ምልክት ከዳር እስከ ዳር ሲደረደር ያየ ሰው ብዙ ነው። ሲያዩት እርግማን የተጻፈበት ይመስላል። አንዱ «ቫይረስ ገብቶበታል» ብሎ ያጠፋዋል። ሌላው «ሲላክ ተበላሽቷል» ብሎ ይተወዋል። ሦስተኛው ደግሞ ይስተካከላል ብሎ ደጋግሞ ይከፍተዋል፣ ያስቀምጠዋል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ደኅናውን ፋይል በከንቱ ይጥሉታል። ሦስተኛው ግን ሳያውቀው በእጁ ሊያበላሸው ይችላል።

እንዲህ ያለው ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ አልተበላሸም። የተከፈተው በተሳሳተ ቁልፍ ነው። ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም፤ ጃፓኖች ስለሚያውቁት «ሞጂባኬ» የሚል ስም አውጥተውለታል። «መልኩን የለወጠ ፊደል» እንደማለት ነው።

ምን ሆኖ ነው?

ኮምፒውተር ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥር ነው። እኛ «ታ» ብለን ስንጽፍ እሱ ለ«ታ» የተሰጠውን ቁጥር ይመዘግባል። ፋይሉ ሲከፈት ቁጥሩን መልሶ ወደ ፊደል ይተረጉማል። የትኛው ቁጥር የትኛው ፊደል እንደሆነ የሚናገረው የስምምነት ሰንጠረዥ ነው። ጸሐፊውና አንባቢው አንድ ዓይነት ሰንጠረዥ ከያዙ ጽሑፉ ይነበባል፤ ከተለያዩ ቁጥሮቹ ሳይነኩ ትርጉማቸው ብቻ ይዛባል።

የግዕዝ ፊደላት በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሰንጠረዥ ውስጥ የገቡት በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ ስልካችንም ሆነ ኮምፒውተራችን አማርኛን የሚያስቀምጠው አብዛኛውን ጊዜ ዩቲኤፍ-8 በሚባለው አጻጻፍ ነው። በዚህ አጻጻፍ አንድ የላቲን ፊደል አንድ ቁጥር ብቻ ሲይዝ፣ አንድ የአማርኛ ፊደል ሦስት ተከታታይ ቁጥሮች ይይዛል። እነዚህ ቁጥሮች «ባይት» ይባላሉ።

የምዕራብ አውሮፓ ፊደላትን ብቻ የሚያውቅ የቆየ ሰንጠረዥ ደግሞ አለ፤ ዊንዶውስ-1252 ይባላል። በእሱ ዘንድ እያንዳንዱ ባይት ራሱን የቻለ አንድ ፊደል ነው። እንግዲህ በዩቲኤፍ-8 የተጻፈን አማርኛ በዚህ ሰንጠረዥ የሚያነብ ፕሮግራም ሦስቱ ባይት አንድ ፊደል መሆኑን አያውቅም፤ እያንዳንዱን ለየብቻ ይተረጉመዋል። «ታደሰ» ሦስት ፊደል ነው። በስህተት ሲነበብ ዘጠኝ ምልክት ይሆናል፦ «ታ» ወደ á‰³፣ «ደ» ወደ á‹°፣ «ሰ» ወደ áˆ° ይለወጣሉ።

«á» በየሦስት ምልክቱ የሚመላለሰውም ለዚህ ነው፤ የአማርኛ ፊደላት ሁሉ የመጀመሪያ ባይት አንድ ዓይነት ነው። ይህንን ምልክት ሲያዩ አይደንግጡ፤ «ሦስቱም ባይት እዚህ አለ፤ አማርኛው አልጠፋም» ማለት ነው። የኮምፒውተራቸው ቋንቋ በዕብራይስጥ የተስተካከለ በእስራኤል ያሉ ቤተሰቦች በ«á» ፋንታ የዕብራይስጡን ቤት ፊደል ሲደጋገም ያያሉ። በዐረብኛ በተስተካከለ የባሕረ ሰላጤ ኮምፒውተር ላይ ደግሞ የዐረብኛው ላም ይደጋገማል። ነገሩ አንድ ነው፤ የተሳሳተው ሰንጠረዥ ብቻ ይለያያል።

በመጀመሪያ ምልክቱን ይለዩ

ከመንካትዎ በፊት ማያ ገጹ ላይ ያለው ነገር ምን እንደሚመስል አንዴ በደንብ ይመልከቱ። አራት ዓይነት መልክ አለ፤ የእያንዳንዱም መድኃኒት የተለያየ ነው።

የ«á» ድርድር ካዩ ፋይሉ ደኅና ነው፤ በትክክለኛው ሰንጠረዥ እንደገና መክፈት ይበቃል።

ባዶ አራት ማዕዘን ሳጥኖች ብቻ ከተደረደሩና ቁጥራቸው ከፊደላቱ ቁጥር ጋር እኩል ከሆነ፣ ሰንጠረዡም ትክክል ነው። የጎደለው የአማርኛ ፊደል ቅርጽ የያዘ ፎንት ነው። ኒያላ ወይም ሌላ የግዕዝ ፎንት ሲጫን ሳጥኖቹ ፊደል ይሆናሉ።

እንግሊዝኛ ቃል የማይመስል የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ድብልቅ ከሆነና «á» በየሦስት ምልክቱ የማይመላለስ ከሆነ፣ በተለይ ሰነዱ የሃያ ወይም የሠላሳ ዓመት ዕድሜ ካለው፣ ምናልባት የተጻፈው ዩኒኮድ ከመለመዱ በፊት በነበሩ የአማርኛ ሶፍትዌሮች ነው። እነዚህ ሶፍትዌሮች የአማርኛን ቅርጽ በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ያስቀምጡ ነበር። ለዚህ የሚበጀው ጽሑፉ የተጻፈበትን ፎንት አግኝቶ መጫን ወይም ወደ ዩኒኮድ መለወጫ መጠቀም ነው። ከዚህ በታች ያለው ዘዴ ለዚህኛው አይሠራም።

አራተኛው የጥያቄ ምልክት ነው፦ «????»። ይህ ከሁሉ የከፋው ነው። አንድ ፕሮግራም አማርኛውን አማርኛ ወደማያውቀው ሰንጠረዥ ለውጦ ሲያስቀምጥ፣ ቦታ ያጣለትን ፊደል ሁሉ በጥያቄ ምልክት ይተካዋል። «ታ»ም «ደ»ም «ሰ»ም አንድ ዓይነት ጥያቄ ምልክት ስለሚሆኑ ከዚያ በኋላ ማንም ሊለያቸው አይችልም። መፍትሔው አንድ ብቻ ነው፤ የቀድሞውን ቅጂ ከላኪው መጠየቅ።

የአያት የዘር ሐረግ

በአንድ ምሳሌ እንሂድ። አንድ አያት የሰባት ትውልድ የዘር ሐረግ በቃላቸው ያውቃሉ እንበል። የልጅ ልጃቸው አጠገባቸው ቁጭ ብላ እያስደገመች ስሙን፣ የአባት ስሙን፣ የትውልድ ቦታውንና በሕይወት ያሉትን ዘመዶች ስልክ ቁጥር በጎግል ሺትስ ላይ ጻፈች። ከዚያ `File`፣ `Download`፣ `Comma Separated Values (.csv)` ብላ አውርዳ በቴሌግራም ለአጎቷ ላከች። አጎት ፋይሉን ኮምፒውተራቸው ላይ ሁለቴ ጠቅ ሲያደርጉት ኤክሴል ተከፈተ፤ የአባታቸው ስም በነበረበት ቦታ á‰³á‹°áˆ° ተጽፎ አገኙት።

የልጅቷ ፋይል ምንም አልጎደለውም። ሲኤስቪ የሚባለው የፋይል ዓይነት ግን እንደ ተራ ወረቀት ነው፤ የትኛው ሰንጠረዥ እንደተሠራበት የሚናገር መለያ የለውም። ኤክሴል መለያ ሲያጣ የኮምፒውተሩን የቆየ ሰንጠረዥ ይገምታል፤ ያ ደግሞ በአብዛኛው ዊንዶውስ-1252 ነው።

አጎት መጀመሪያ ማድረግ ያለባቸው ነገር ሳያስቀምጡ መዝጋት ነው። ኤክሴል ለውጡን ላስቀምጥ ወይ ብሎ ቢጠይቅ `Don't Save` ይበሉ። ቀጥሎ የፋይሉን ሌላ ቅጂ አውጥተው ዋናውን ወደ ጎን ያኑሩት። ከዚያ እንዲህ ይቀጥሉ።

ባዶ የኤክሴል ገጽ ይክፈቱ። ከላይ ካለው ዝርዝር `Data` የሚለውን፣ ከዚያ `From Text/CSV` የሚለውን ይጫኑ። የመጣውን ፋይል መርጠው `Import` ይበሉ። አንድ መስኮት ይከፈታል፤ ከላይ በስተግራ `File Origin` የሚል ምርጫ አለው። እዚያ ውስጥ የሚከተለውን ፈልገው ይምረጡ፦

```
65001: Unicode (UTF-8)
```

በዚያች ቅጽበት á‰³á‹°áˆ° ዓይንዎ እያየ «ታደሰ» ይሆናል። ይህ ናሙና ብቻ ስለሆነ ገና ምንም አልተቀመጠም፤ ስህተት ከሆነ ሌላ መምረጥ ይቻላል።

እዚያው መስኮት ላይ አንድ ሌላ ወጥመድ አለ። ኤክሴል ስልክ ቁጥሩን እንደ ተራ ቁጥር ስለሚቆጥረው 0911 ብሎ የሚጀምረውን መነሻ ዜሮ ቆርጦ ይጥለዋል። ይህ እንዳይሆን `Data Type Detection` በሚለው ሥር `Do not detect data types` የሚለውን ይምረጡና `Load` ይበሉ። ሰንጠረዡ ሲገባ `File`፣ `Save As` ብለው በተለመደው የኤክሴል ዓይነት፣ ማለትም `.xlsx`፣ ያስቀምጡት። ይህ ዓይነት ሰንጠረዡን የሚናገር መለያ በውስጡ ስለሚይዝ ከዚህ በኋላ ሁለቴ ጠቅ ቢደረግ አይዛባም።

ፋይሉ ሠንጠረዥ ሳይሆን ተራ ጽሑፍ ከሆነ ደግሞ ኖትፓድ ይበቃል። ፕሮግራሙን አስቀድመው ይክፈቱ፤ `File`፣ `Open` ብለው ፋይሉን ሲመርጡ ከታች `Encoding` የሚል ሣጥን ያገኛሉ፤ `UTF-8` የሚለውን መርጠው ይክፈቱ።

ቀድሞውኑ ከተቀመጠስ?

አጎት ሳያስቡት «ይቀመጥ» ብለው ቢሆንስ? á‰³á‹°áˆ° እያዩ በ`.xlsx` ወይም `CSV UTF-8` በሚለው ዓይነት ካስቀመጡት፣ ኤክሴል ያንን ዝብርቅርቅ እንደ እውነተኛ ጽሑፍ ተቀብሎ እንደገና በትክክለኛው ሰንጠረዥ መዝግቦታል። ስህተቱ በላዩ ላይ ታትሞበታል ማለት ነው። አሁን `65001` ብለው ቢከፍቱትም á‰³á‹°áˆ° ብሎ ይመጣል። ይህን ማወቂያው ይኸው ነው፤ ትክክለኛው ምርጫ ተመርጦም «á» ካልጠፋ ፋይሉ ሁለት ጊዜ ተተርጉሟል። መጠኑም ይጨምራል፤ «ታደሰ» 9 ባይት የነበረው 20 ባይት ይሆናል።

ይህም ይመለሳል። የተዛባውን መንገድ ወደ ኋላ መሄድ ነው፤ በመጀመሪያ እያንዳንዱን ምልክት ወደ አንድ ባይት መመለስ፣ ከዚያ ባይቶቹን በሦስት በሦስት እንደ አማርኛ ማንበብ። ለዚህ ኖትፓድ++ የሚባለውን በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም መጠቀም ይቻላል።

ፋይሉ `.xlsx` ከሆነ በመጀመሪያ ከኤክሴል `CSV UTF-8 (Comma delimited)` በሚለው ዓይነት ሌላ ቅጂ ያስቀምጡ። ቅጂውን በኖትፓድ++ ይክፈቱ። `Encoding` ከሚለው ዝርዝር `Convert to ANSI` የሚለውን ይጫኑ። ማያ ገጹ ላይ የሚለወጥ ነገር ባያዩ አይገረሙ፤ ለውጡ ከሥር ነው። ያስቀምጡት። አሁን ከዚያው `Encoding` ውስጥ `UTF-8` የሚለውን ይጫኑ፤ «ታደሰ» ተመልሶ ይመጣል። በመጨረሻ `Convert to UTF-8-BOM` ብለው እንደገና ያስቀምጡ። ይህ የመጨረሻው እርምጃ በፋይሉ ራስ ላይ ሦስት ባይት ያለው መለያ ይለጥፋል፤ ኤክሴል ያንን ሲያይ ሰንጠረዡን አይገምትም።

«Convert to» ያለውና የሌለው ምርጫ እንዳይምታታብዎ። «Convert to» የሚለው ባይቶቹን ራሳቸውን ይለውጣል። እሱ የሌለበት ግን ባይቶቹን ሳይነካ አነባበቡን ብቻ ይቀይራል። የእኛ ሥራ መጀመሪያ መለወጥ፣ ከዚያ አነባበቡን መቀየር ስለሆነ ቅደም ተከተሉ መጠበቅ አለበት። `ANSI` የሚለው ደግሞ የኮምፒውተሩን የራሱን የቆየ ሰንጠረዥ ነው። ስለዚህ በዕብራይስጥ ወይም በዐረብኛ በተስተካከለ ኮምፒውተር የተዛባ ፋይል መመለስ ያለበት በዚያው ወይም ተመሳሳይ በሆነ ኮምፒውተር ነው።

ይህ ዘዴ በ«á» ብቻ የሚሠራ መሆኑን ያስታውሱ። መልካም አማርኛ የሚታይበትን ፋይል `Convert to ANSI` ቢሉት ወዲያው ጥያቄ ምልክት ይሆናል።

የሚወድቁት ፊደላት

አንዳንድ ጊዜ ጽሑፉ ይመለሳል፤ ግን እዚህም እዚያም ጥርሱ የወለቀ ይሆናል። «ሰላም» የነበረው «ሰላ» ብሎ ከጎኑ ጥቁር ሳጥን ያበጃል። ይህ የሚሆነው በአብዛኛው ፋይሉ ራሱ ሳይሆን ጽሑፉ ከማያ ገጽ ተቀድቶ በኢሜይል ወይም በስልክ መልእክት ሲላክ ነው።

ምክንያቱ ይኸውና። በዊንዶውስ-1252 ሰንጠረዥ ላይ አምስት ባዶ ቦታዎች አሉ፤ ምንም ፊደል አልተሰጣቸውም። ከአማርኛ ፊደላት መካከል ከሦስቱ ባይታቸው አንዱ በእነዚህ ባዶ ቦታዎች ላይ የሚያርፍ ብዙ ናቸው። ም፣ ል፣ ው፣ ግ፣ ነ፣ ዝ፣ ኝ፣ ሁ እና ቁ ከእነሱ መካከል ናቸው። የፀ፣ የፈ እና የፐ ቤተሰቦች በሙሉ፣ እንዲሁም አራት ነጥባችን ጭምር እዚያ ይወድቃሉ። ፋይሉ ውስጥ እነዚህ ባይቶች ሳይታዩ ተደብቀው ይቆያሉ። ጽሑፉ ተቀድቶ ሲለጠፍ ግን የማይታየውን ነገር አንዳንድ ፕሮግራም ይጥለዋል። «ሰላም» áˆ°áˆ‹áˆ ሆኖ ስምንት ምልክት ብቻ የሚታየው ለዚህ ነው፤ የ«ም» ሦስተኛ ባይት መልክ የለውም።

አ፣ በ፣ ጠ እና ሠ ደግሞ ሦስተኛው ባይታቸው ባዶ ክፍተት መስሎ ይታያል። ሲቀዳ ከተራ ክፍተት ጋር ከተቀላቀለ እነሱም ይጠፋሉ።

ቢሆንም የቀረው ባይት ፍንጭ ይሰጣል። ኖትፓድ++ የተሰበረውን ቦታ `xE1` ብሎ፣ ቀጥሎ የቀረውን ባይት በጥቁር ሳጥን ያሳያል። ከዚያ ተነስቶ የጠፋውን ፊደል ወደ ጥቂት አማራጮች ማጥበብ ይቻላል። በብዛት የሚያጋጥሙት እነዚህ ናቸው፦

`x88` ከሆነ፦ ም፣ ል፣ ሁ፣ ሐ ወይም ፈ
`x89` ከሆነ፦ ቁ ወይም ፉ
`x8A` ከሆነ፦ ነ፣ ኝ ወይም ፊ
`x8B` ከሆነ፦ ው፣ ዝ፣ ዐ ወይም ፋ
`x8C` ከሆነ፦ ግ፣ ጁ፣ ጐ ወይም ፌ

«ሰላ» ካለ በኋላ `x88` ከመጣ «ሰላም» መሆኑን ማንም ይገምታል። በ«ስ» ብቻ የሚጀምር ቃል ከሆነ ግን «ስም» ይሁን «ስል» ኮምፒውተሩ አያውቅም፤ የአረፍተ ነገሩ ሐሳብ ነው የሚለየው። የሰው ስምና የቦታ ስም ሲሆን ሐሳቡም አይረዳም። የሰባት ትውልድ ስም በግምት ከተሞላ ስህተቱ ከቤተሰቡ ጋር ይወረሳል። ስለዚህ አጠራጣሪውን ፊደል በቀይ አስምሮ፣ አያትየው በሕይወት እያሉ ደውሎ አንድ በአንድ ማስነበብ ይሻላል።

ሲልኩ ምን ያድርጉ?

የአማርኛ ዝርዝር የሚልኩ ከሆነ ከጎግል ሺትስ ሲያወርዱ `Microsoft Excel (.xlsx)` የሚለውን ይምረጡ። የግድ ሲኤስቪ የሚያስፈልግ ከሆነና ከኤክሴል የሚያወጡ ከሆነ `CSV UTF-8 (Comma delimited)` የሚለውን ይምረጡ። ከሥሩ `CSV (Comma delimited)` የሚል ተመሳሳይ ስም አለ፤ መልካሙን አማርኛ ወደ ጥያቄ ምልክት የሚለውጠው እሱ ነው። የሁለቱ ስም ስለሚቀራረብ ዓይን ይሸወዳል።

ካስቀመጡ በኋላ ፋይሉን ዘግተው፣ እንደገና ከፍተው፣ ሁለት ሦስት ስም ያንብቡ። የልጅ ልጅ ስልክ ላይም አንዴ ቢከፈት መልካም ነው። አማርኛው በሁለት መሣሪያ ላይ ከተነበበ ዋናውን ቅጂ ማንም የማይነካበት ቦታ ያኑሩት። የሚደርሳችሁ ፋይል «á» ከሞላበት ደግሞ ላኪውን «ጽሑፉን ቀድተህ ላክልኝ» አይበሉት፤ «ፋይሉን ራሱን እንደገና ላክልኝ» ይበሉት። ፊደላቱ የሚወድቁት ሲቀዱ ነውና።